የሜቶዶሎጂ ምዕራፍ ሲታረም፦ ማርኩ ለገለጻ ነው ወይስ ለምክንያት?

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀርብ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ ሦስተኛው ምዕራፍ ሲገለጥ ምን እንደሚመጣ ልምድ ያለው ፈታኝ አስቀድሞ ያውቀዋል። መጀመሪያ የጥናቱ አካባቢ ይገለጻል፦ ወረዳው ከአዲስ አበባ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ፣ ደጋው፣ ወይና ደጋውና ቆላው በመቶኛ ስንት ስንት እንደሆነ፣ የዝናቡ መጠን፣ የሕዝቡ ብዛት። ቀጥሎ ንድፉ ምን ዓይነት እንደሆነ በአንድ አንቀጽ ይነገራል፤ ከዚያ ናሙናው፣ የያማኔ ፎርሙላ፣ መጠይቁና ቃለ መጠይቁ፣ በ SPSS ወይም በ Stata የተሠራው ትንተና፣ መጨረሻ ላይም የሥነ ምግባር ጉዳይ። ሁሉም ርዕስ በቦታው አለ። ፈታኙ የጎደለ አለመኖሩን አይቶ ደህና ማርክ ይሰጥና ወደ ውጤቱ ምዕራፍ ያልፋል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የወረዳውን ስምና የጥናቱን ርዕስ ከምዕራፉ አውጥተን የሌላ ወረዳና የሌላ ርዕስ ብንተካበት አብዛኛው ዓረፍተ ነገር ሳይናጋ ይቆማል። ለየትኛውም ጥናት የሚሆን ምዕራፍ ደግሞ ለዚህ ጥናት ተብሎ የተወሰነ ነገር ስለመኖሩ አያሳይም። ማርኩ መሰጠት ያለበት ተማሪው ያደረገውን በመዘርዘሩ ሳይሆን ከሌላው መንገድ ይልቅ ይህን የመረጠበትን ምክንያት ከጥያቄው ጋር አያይዞ በማሳየቱ ነው። ይህን አቋም የሚቃወሙ ሰዎችም አሉ፤ ክርክራቸው ቀላል አይደለምና ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ነገሩ በጥቅሉ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። እጃጂ ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ከጌዶ አልፎ ባኮ ሳይደረስ የምትገኝ የኢሉ ገላን ወረዳ ከተማ ናት። አካባቢው በቆሎ አብቃይ ነው። ስማቸው በቢኤች የሚጀምረው ዲቃላ የበቆሎ ዘሮች፣ እነ ቢኤች 660 እና ቢኤች 661፣ ስያሜያቸውን ያገኙት ከጎረቤቱ ባኮ የምርምር ማዕከል ነው። ስለዚህ «አርሶ አደሮች ዲቃላ የበቆሎ ዘር እንዲጠቀሙ ወይም እንዳይጠቀሙ የሚያደርጓቸው ምክንያቶች» የሚል ርዕስ እዚህ አካባቢ ለሚያጠና ተማሪ ሩቅ አይደለም። ከዚህ በታች ያለው የተማሪ ጽሑፍ ለማሳያ የተፈጠረ ነው፤ ቁጥሮቹም የማንም ጥናት ውጤት አይደሉም። ቅርጹን ግን ይህን ሥራ የሚያውቅ ሁሉ ይለየዋል።

ተማሪው እንዲህ ጻፈ እንበል፦ «በወረዳው ካሉት ቀበሌዎች ሦስቱ በዓላማ ተመርጠዋል። በሦስቱ ቀበሌዎች ያሉት አባወራና እማወራዎች 4200 ሲሆኑ የናሙናው መጠን በያማኔ (1967) ፎርሙላ በ7 በመቶ የስህተት መጠን 195 ሆኗል። ናሙናው ለየቀበሌው እንደ ብዛቱ ተመጥኖ ተደልድሏል። መረጃው በሎጂት ሞዴል ተተንትኗል፤ ሞዴሉ ቀላልና ለትርጓሜ አመቺ በመሆኑ ተመርጧል።» ስሌቱ ትክክል ነው። n = N / (1 + N × e²) በሚለው ቀመር 4200 ለ21.58 ሲካፈል 194.6 ይመጣል፤ ወደ 195 ይጠጋጋል። ምንጭም ተጠቅሷል። ሆኖም በዚህ አንቀጽ ውስጥ ቢያንስ አራት ውሳኔዎች ተላልፈዋል፤ ምክንያት የተሰጠው ለአንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ለየትኛውም ጥናት የሚነገር ምክንያት ነው።

መጀመሪያ 7 በመቶን እንይ። ይህ ቁጥር ከሰማይ አልወረደም፤ ተማሪው መርጦታል። 5 በመቶ ቢል ኖሮ ናሙናው 365፣ 8 በመቶ ቢል 151 ይሆን ነበር። እንግዲህ ፎርሙላው የናሙናውን መጠን «ወሰነ» የሚለው አነጋገር እውነት አይደለም። የወሰነው ተማሪው ነው፤ ፎርሙላው ምርጫውን ወደ ሰው ቁጥር ለወጠለት እንጂ። የ4200ውም ሚና ከሚገመተው በታች ነው፤ በቦታው 18000 ብናስገባ እንኳ በዚያው 7 በመቶ ናሙናው ወደ 202 ከፍ ይላል እንጂ ከዚያ አያልፍም። ከ5 ይልቅ 7 የተመረጠው ለምንድን ነው? ብዙ ጊዜ መልሱ ገንዘብ ነው። ለመረጃ ሰብሳቢዎች የሚከፈለው አበል ለ365 ቤት አይበቃም፤ ቤቶቹም የተራራቁ ናቸው። ይህ የሚያሳፍር ምክንያት አይደለም፤ መጻፍ ያለበትም እሱው ነው። ሳይጻፍ ሲቀር ግን አንባቢው 7 በመቶ ሳይንሳዊ መነሻ ያለው ይመስለዋል፤ ጸሐፊውም በ7 በመቶ ምን እንዳጣ ሳያስበው ያልፋል።

ከዚህ የሚብሰው ፎርሙላው ራሱ ለምን ጥያቄ እንደተሠራ አለመጠየቁ ነው። የታሮ ያማኔ ቀመር ከአንድ ሕዝብ ውስጥ አንድን መቶኛ ለመገመት የሚያገለግል ነው፦ ለምሳሌ «ዲቃላ ዘር የሚጠቀሙት ስንት በመቶ ናቸው?» ለሚል ጥያቄ። ግማሹ ይጠቀማል፣ ግማሹ አይጠቀምም የሚለውን ለግምት እጅግ አስቸጋሪ የሆነ ሁኔታ ይይዛል፤ ወደ 95 በመቶ የሚሆን የመተማመኛ ደረጃ ታስቦበታል፤ ናሙናውም ከሙሉ መዝገብ በቀላል ዕጣ እንደወጣ ይቆጥራል። የተማሪያችን ጥያቄ ግን ስንት ሰው ይጠቀማል የሚል አይደለም፤ አንዱን ተጠቃሚ፣ ሌላውን ተጠቃሚ ያልሆነ የሚያደርገው ምንድን ነው የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚያስፈልገው የናሙና መጠን የሚወሰነው በሞዴሉ ውስጥ በሚገቡት ምክንያቶች ብዛትና በትንሹ ወገን ስፋት ነው። ተጠቃሚዎቹ 30 በመቶ ናቸው ብንል ከ195ቱ ውስጥ 58 ያህል ይሆናሉ። ተማሪው ዕድሜን፣ ትምህርትን፣ የመሬት ስፋትን፣ የብድር አቅርቦትን፣ ከገበያ ያለውን ርቀትና ሌሎችንም ደምሮ 12 ምክንያቶች ካስገባ ለአንዱ ምክንያት የሚደርሱት ተጠቃሚዎች አምስት እንኳ አይሞሉም። በሎጂት ሥራ ለብዙ ዘመን ሲነገር የቆየው መነሻ ለአንድ ምክንያት አሥር ያህል ይኑር የሚል ነው። ይህ አሥር የሚባለው ቁጥር ራሱ የሚያከራክር መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ያከራክራል ማለት ጥያቄው አይነሳ ማለት አይደለም። ምዕራፉ ግን ጭራሽ አላነሳውም።

ሁለተኛው ውሳኔ የቀበሌዎቹ ነው፤ ብዙ ፈታኞች የሚያልፉትም ይኼኛውን ነው። «በዓላማ ተመርጠዋል» የሚለው ሐረግ ዓላማው ምን እንደሆነ ካልተነገረ ባዶ ነው። የተለመደው ማብራሪያ «በቆሎ በብዛት ስለሚመረትባቸው» የሚል ይሆናል። ያ ከሆነ ዘሩ በደንብ የሚቀርብባቸው፣ የልማት ሠራተኛው የሚመላለስባቸው፣ መንገድ ዳር ያሉ ቀበሌዎች ተመርጠዋል ማለት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ «ከመንገድ ያለው ርቀት ዘር በመጠቀም ላይ ተጽዕኖ የለውም» የሚል ውጤት ቢገኝ ምንጩ ምርጫው ራሱ ነው፤ ሁሉም መንገድ ዳር ናቸውና። ከዚህ ጋር የሚሄድ የቁጥር ጉዳይም አለ። የአንድ ቀበሌ ሰዎች በአንድ ማኅበር በኩል ዘር ይቀበላሉ፤ አንድ የልማት ሠራተኛ ይሰማሉ፤ ማሳቸውም አንድ ዝናብ ያገኛል። ስለዚህ ስልሳ አምስተኛው ሰው የሚነግረን አዲስ ነገር የመጀመሪያው የነገረንን ያህል አይሆንም። ይህ መመሳሰል 0.05 ብቻ ነው ብንል በስታቲስቲክስ ዲዛይን ኢፌክት የሚባለው ስሌት 1 + 64 × 0.05 = 4.2 ይሰጠናል፤ 195 ሰው ለ4.2 ሲካፈል በዕጣ ከወረዳው ሁሉ የተወሰዱ 46 ሰዎችን ያህል ብቻ መረጃ ይይዛል ማለት ነው። ይኸው 195 ሰው በ13 ቀበሌዎች በ15 በ15 ቢከፋፈል ኖሮ ማካፈያው ወደ 1.7 ወርዶ የ115 ሰው መረጃ ይሆን ነበር። የመጠይቁ ብዛት አንድ ዓይነት ነው፤ የሚጨምረው የመጓጓዣው ወጪ ነው።

እዚህ ላይ ተማሪው ሁለት ክብር ያላቸው መውጫዎች አሉት። አንደኛው ሦስቱ ቀበሌዎች ራሳቸው የጥናቱ ሕዝብ ናቸው፤ ስለ ወረዳው የምለው የለኝም ብሎ ርዕሱንም መደምደሚያውንም ማጥበብ ነው። ያኔ የቀበሌዎቹ ጥቂትነት የናሙና ችግር መሆኑ ይቀራል። ሁለተኛው ቀበሌዎቹን የወረዳው ናሙና አድርጎ መውሰድና ቁጥራቸውን ማብዛት ነው። ሁለቱም ያስኬዳሉ። የማያስኬደው በርዕሱ ላይ «የኢሉ ገላን ወረዳ» ብሎ፣ በሦስተኛው ምዕራፍ ሦስት ቀበሌ መርጦ፣ በአምስተኛው ምዕራፍ ለክልሉ መንግሥት ምክር መስጠት ነው። ፈታኙ ይህን ለመያዝ ስታቲስቲክስ በጥልቀት ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ርዕሱን፣ የናሙናውን አንቀጽና የመጨረሻውን የምክር ሐሳብ ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ይበቃዋል።

ሦስተኛው መዝገቡ ነው፤ 4200 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? አብዛኛውን ጊዜ ከቀበሌው የመሬት ግብር ከፋዮች ዝርዝር ነው የሚመጣው። በዚያ ዝርዝር ላይ በስሙ መሬት የሌለው፣ በእኩል ወይም በኮንትራት የሚያርስ ወጣት አይኖርም። እንዲህ ያለው ገበሬ ዘር የሚገዛበት ምክንያት ከባለ መሬቱ ሊለይ ይችላል። ተማሪው «ዝርዝሩን የተጠቀምሁት ሌላ የተሟላ መዝገብ ስለሌለ ነው፤ መሬት ተከራይተው የሚያርሱት ስለቀሩ ውጤቱ ስለ እነሱ አይናገርም» ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር በእኔ ሚዛን ይህ ዓረፍተ ነገር ስለ ወረዳው አየር ንብረት ከተጻፈው ገጽ ሁሉ ይበልጥብኛል። የሞዴሉን ምርጫ በአጭሩ ልለፈው። «ቀላልና አመቺ» የሚለው ሎጂትን ከፕሮቢት ለመለየት እንኳ አይረዳም፤ ሁለቱ በተግባር የሚሰጡት መልስም ተቀራራቢ ነው። እውነተኛው ጥያቄ «ተጠቀመ፣ አልተጠቀመም» የሚለው መለያ ለጉዳዩ ይበቃል ወይ የሚለው ነው። ዲቃላ ዘር ፈልጎ በማኅበሩ ያጣ ገበሬና ከነጭራሹ ያልፈለገ ገበሬ በዚህ መለያ አንድ ቅርጫት ውስጥ ይገባሉ።

አሁን የተሻለው ጽሑፍ ምን እንደሚመስል እንይ፦ «አቅሜ የሚፈቅደው 200 ያህል ቤቶችን ነበር። እነዚህን በሦስት ቀበሌዎች ማሰባሰብ ወጪ ይቀንስ ነበር፤ ግን ጥያቄዬ ከገበያና ከመንገድ ርቀት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ቀበሌዎቹ በርቀት እንዲለያዩ አስፈልጎኛል። ስለዚህ ቀበሌዎቹን ቅርብ፣ መካከለኛና ሩቅ ብዬ ከፍዬ ከየክፍሉ ሦስት ሦስት በዕጣ ወሰድሁ። በዚህ ምክንያት በየቀበሌው የጠየቅኋቸው ጥቂት ናቸውና ቀበሌን ከቀበሌ ማወዳደር አልችልም። ተጠቃሚዎቹ ከ70 በታች እንደሚሆኑ ስለገመትሁ በሞዴሉ ውስጥ ከሰባት በላይ ምክንያት አላስገባሁም፤ የሃይማኖትና የጋብቻ ሁኔታን የተውሁት በዚህ ነው።» ይህ ተማሪ የተለየ ዕውቀት አላሳየም። የቀረበለትን ሌላ አማራጭ ጠቅሷል፤ የተወበትን ምክንያት ከጥያቄው አምጥቷል፤ በምርጫው ያጣውንም ተናግሯል። የእኔ የእርማት መመዘኛ እነዚህን ሦስቱን ይፈልጋል። አማራጩ ካልተጠቀሰ ምርጫ ነበረ ለማለት አይቻልም፤ ያጣው ካልተነገረ ደግሞ ምክንያቱ ጌጥ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ምክንያት ለመምሰል የተጻፈ ነገር ብዙ ነውና ፈታኙ መለየት አለበት። ከሁሉ የተለመደው ንድፍን በመጽሐፍ ስም መደገፍ ነው፦ «ክሬስዌል እንደሚለው ቅይጥ ስልት የሁለቱን ጥንካሬ ስለሚያጣምር ተመርጧል።» መጽሐፉ ስልቱ ምን እንደሆነ ይነግረናል፤ የእጃጂ የዘር ጥያቄ ለምን ቅይጥ ስልት እንደሚሻ ግን ሊነግረን አይችልም፤ ደራሲው አያውቀውምና። ቁጥሩ ያልመለሰውን የትኛውን ነገር ቃለ መጠይቁ ሊመልስ ታሰበ? ይህ ካልተነገረ ቅይጥነቱ ሁለት ዓይነት መረጃ መሰብሰቡ ብቻ ነው። ሌላው የክሮንባክ አልፋ ነው። ይህ ልኬት አንድን አስተሳሰብ ለመመዘን የተደረደሩ ጥያቄዎች እርስ በርስ መስማማታቸውን ያሳያል፤ ለአመለካከት ጥያቄዎች ቦታው ነው። የአባወራውን ዕድሜ፣ የመሬቱን ስፋትና የበሬውን ቁጥር ለሚጠይቅ መጠይቅ «አልፋው 0.78 ስለሆነ መጠይቁ አስተማማኝ ነው» የሚል ሲጻፍ ግን ልማዱ እንጂ ሐሳቡ እንዳልሠራ ግልጽ ነው። በዚያ መጠይቅ ላይ አስተማማኝነትን የሚፈታተነው ሌላ ነው፦ መሬቱ በጥማድ ተነግሮ በሄክታር ሲጻፍ በስንት ተመነዘረ፣ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ የተዘጋጀው ጥያቄ በአፋን ኦሮሞ ሲጠየቅ ሁሉም ጠያቂ በአንድ ቃል ነበር ወይ የጠየቀው፣ በሰኔ የተዘራው ዘር በጥር ሲጠየቅ ገበሬው ዓይነቱን አስታውሷል ወይ።

ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። የመጀመሪያው ከመምህራን ዘንድ የሚሰማው የማስተርስ ተማሪ ጀማሪ ነው፤ የተሰጠውን ስልት በትክክል መሥራቱ ይበቃዋል፤ ምክንያት መጠየቅ ለዶክትሬት ይቆይ የሚል ነው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ፤ አዲስ ስልት እንዲፈጥር ማንም አይጠብቅበትም። ግን ከላይ የተጠቀሰው የተሻለ አንቀጽ አዲስ ስልት የለበትም። ሰባት ምክንያት ብቻ ማስገባትና ቀበሌን በርቀት መክፈል የመጀመሪያ ዓመት የስታቲስቲክስ ትምህርት ናቸው። ደግሞም ይህ ተማሪ ነገ በወረዳ እርሻ ጽሕፈት ቤት ወይም በአንድ ድርጅት ውስጥ ጥናት ሲያዝዝም ሲገመግምም የሚውል ነው፤ እዚያ የሚጠየቀው ይኸው «ለምን በዚህ መንገድ?» የሚለው ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ የሚከብደው ነው። ብዙ ውሳኔዎች የተማሪው አይደሉም። ቀበሌዎቹን የጠቆመው የወረዳው ባለሙያ፣ ፎርሙላውን ያዘዘው አማካሪው፣ ርዕሶቹን የደረደረው የትምህርት ክፍሉ መመሪያ ሊሆን ይችላል። ያልወሰነውን ውሳኔ ለምን አላስረዳህም ብሎ ማርክ መቀነስ ፍርደ ገምድልነት አይሆንም? ይሆናል፣ ፈታኙ የሚመዝነው ውሳኔው ትክክል መሆኑን ብቻ ከሆነ። የሚመዝነው ተማሪው የተሰጠውን ምርጫ ዋጋ መረዳቱን ከሆነ ግን አይሆንም። «ቀበሌዎቹ የተመረጡት ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ጋር በመነጋገር ነው፤ በዚህ ምክንያት ዘር በደንብ የሚደርሳቸው ወገኖች ሊበዙ ይችላሉ» ማለት የትኛውም አማካሪ አይከለክልም። መመሪያው ርዕሶቹን ቢያዝም በየርዕሱ ሥር የሚጻፈውን አላዘዘም። የአካባቢው ገለጻ ሦስት ገጽ ይሁን ብሎ የሚያስገድድ መመሪያ ካለ ግን ጥፋቱ ከተማሪው ላይ መውረድ አለበት፤ ይህን እቀበላለሁ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ብልህ ነው። ማርክ ለምክንያት መሰጠት ከጀመረ ተማሪው ምክንያትንም እንደ ያማኔ ፎርሙላ በቃሉ ይይዘዋል፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ቁጭ ብሎ ይፈበርከዋል። ይህ ይደርሳል፤ ነገር ግን የተፈበረከ ምክንያት ምልክት አለው። እውነተኛ ምክንያት በሌሎቹ ምዕራፎች ላይ አሻራ ይተዋል። በርቀት የከፈለ ተማሪ በውጤቱ ምዕራፍ ሰንጠረዡንም በርቀት ይከፍላል፤ ሰባት ምክንያት ብቻ ያስገባ ተማሪ በመጠይቁም ውስጥ ሃያ ጥያቄ አይጠይቅም። ሰንጠረዡ ውስጥ 12 ምክንያት ካለ የሦስተኛው ምዕራፍ ሰባት ውሸት ነው። ሁለተኛው ምልክት የጥናት ዕቅዱ ነው። በዕቅዱ 5 በመቶና 365 ሰው ተብሎ፣ በመጨረሻው ጽሑፍ 7 በመቶና 195 ከሆነ በመካከል አንድ ነገር ተከስቷል፤ ምን እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ ከማይናገረው ይበልጣል። ስለዚህ ምዕራፉን ለብቻው አንብቦ ማርክ መስጠት አይገባም፤ መጠይቁና የውጤቱ ሰንጠረዦች ከተነበቡ በኋላ ተመልሶ ነው ቁጥሩ የሚጻፈው። ይህ ለፈታኙ ተጨማሪ ጊዜ ነው፤ የፈታኞች አበልና የሥራ ጫና እንዲህ ባለበት አገር ቀላል ጥያቄ አለመሆኑን አውቃለሁ።

ፈታኞች በምክንያት ጥራት ላይ ይለያያሉ፤ በዝርዝር መሟላት ላይ ግን ይስማማሉ የሚልም አለ። አዎ ይስማማሉ፤ የሚስማሙት ግን ብዙም ማወቅ በማያስፈልግ ነገር ላይ ነው። ልዩነቱን ለማጥበብ ሁለቱ ፈታኞች ከመከላከያው ቀን በፊት የጥናቱን አራት ዋና ውሳኔዎች ለየብቻ ጽፈው ቢለዋወጡ ይበቃል፦ ማን ተጠና፣ ስንት፣ እንዴት ተመረጠ፣ በምን ተተነተነ። ከ20 ማርክ ውስጥ ለትክክለኛና ሌላ ሰው ሊደግመው ለሚችል ገለጻ 6 ይያዝ፤ የቀረው 14 በአራቱ ውሳኔዎች ላይ ይከፈል፤ ግን እኩል አይሁን፤ ጥያቄው ላይ የበለጠ የሚመዝነው ውሳኔ የበለጠ ይያዝ። በዚህ ሚዛን የመጀመሪያው ተማሪያችን ገለጻው ንጹሕ ስለሆነ 6ቱን ቢወስድም ከ14ቱ ከ2 ወይም ከ3 በላይ አያገኝም፤ አሁን ባለው ልማድ 16 የሚያገኘው ምዕራፍ 9 ላይ ይቆማል ማለት ነው። ምክንያቱን በደንብ ጽፎ ምርጫው የተሳሳተ ተማሪስ? ለምሳሌ መመሳሰልን ሳያሰላ ሦስት ቀበሌ የመረጠ፣ ግን ለምን ሦስት እንዳለና ስለ ወረዳው መናገር እንደማይችል የጻፈ። ይህኛው 12 ወይም 13 ይገባዋል፤ መደምደሚያውንም በዚያው ልክ ካጠበበ ከዚያ በላይ። ስህተቱን ሌላ ሰው አይቶ ሊያርምለት ይችላል፤ የመጀመሪያው ተማሪ ጽሑፍ ላይ ግን ምን እንደሚታረም ለማወቅ ተማሪውን ራሱን አግኝቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።